የፒኤምፒ ሥልጠና ልትመዘገቡ ላሰባችሁ ሁሉ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ሙሉውን ወጪ አስሉ

በቴሌግራምና በፌስቡክ «የፒኤምፒ ሙሉ ፓኬጅ» እያሉ የሚያስተዋውቁ የሥልጠና ተቋማት በርክተዋል። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ በአብዛኛው የሥልጠናው ብቻ ሲሆን፣ የፈተናው ክፍያ ግን ፒኤምፒ የተባለውን የፕሮጀክት አስተዳደር ሙያ ሰርተፊኬት ለሚሰጠው ለአሜሪካው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ተቋም፣ ማለትም ለፒኤምአይ፣ በዶላር ለብቻው የሚፈጸም ነው። የሥልጠና ተቋሙ በሥልጠናው ማብቂያ ላይ የሚሰጣችሁ ወረቀትም ለፈተናው ለማመልከት የሚጠየቀውን የ35 ሰዓት ትምህርት መውሰዳችሁን ያረጋግጣል እንጂ ፒኤምፒ አያሰኛችሁም። እነዚህ 35 ሰዓታት ደግሞ በአካል ብቻ የሚገኙ አይደሉም፤ በመጨረሻው ላይ ምዘና ያለው የኢንተርኔት ኮርስም ተቀባይነት ስላለው፣ ውድ የሆነውን የሆቴል አዳራሽ ሥልጠና የግድ እንደሚያስፈልግ አድርጎ የሚያቀርብላችሁን ሰው አትመኑ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በፒኤምአይ አባልነት ላይ ነው። የፈተናው ክፍያ ለብዙ ዓመታት ለአባል 405 ዶላር፣ አባል ላልሆነ ደግሞ 555 ዶላር ነበር። የአንድ ዓመት አባልነት 129 ዶላር የነበረ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመዘገብ ሰው 10 ዶላር ይጨምር ነበር። ክፍያው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ እንደየአገሩም ይለያያል፤ ስለዚህ የዕለቱን ዋጋ ከፒኤምአይ ድረ ገጽ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት ግን እነዚህ ቁጥሮች ይበቃሉ። አባል ሆኖ የሚፈተን ሰው በድምሩ 544 ዶላር ይከፍላል፤ ይህም አባል ካልሆነው በ11 ዶላር ያንሳል፣ በዚያ ላይ ፒምቦክ የተባለውን መመሪያ መጽሐፍ በፒዲኤፍ በነጻ ያገኛል። ቅድመ ሁኔታው አባልነቱ ከፈተናው ክፍያ መቅደሙ ነው፤ ፈተናውን ከፍሎ በኋላ አባል ለሚሆን ሰው ልዩነቱ አይመለስለትም።

ነገር ግን ፈተናውን ካለፋችሁ በኋላ ስሌቱ ይገለበጣል። ሰርተፊኬቱ የሚያገለግለው ሦስት ዓመት ሲሆን፣ ለማደስ 60 ፒዲዩ የሚባሉ የትምህርትና የሙያ ነጥቦችን ማሟላትና ለአባል 60፣ አባል ላልሆነ 150 ዶላር መክፈል ያስፈልጋል። ይህን የ90 ዶላር ቅናሽ ለማግኘት ብቻ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት አባልነቱን የሚያድስ ሰው በቀድሞው ዋጋ 258 ዶላር ያወጣል፤ ማለትም 168 ዶላር ያለ ምክንያት ይከፍላል። ከአባልነቱ ሌላ ጥቅም የምታገኙ ካልሆነ በቀር፣ ከፈተናው በኋላ ክፍያው በየዓመቱ ከካርዳችሁ ላይ በራሱ እንዳይቆረጥ የአውቶማቲክ እድሳቱን ምርጫ ዝጉት። ነጥቦቹን ሳታሟሉ ሦስቱ ዓመታት ካለፉ ሰርተፊኬቱ ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ ካልተስተካከለ እንደ አዲስ አመልክቶ መፈተን ግድ ይሆናል።

ከክልል ለሚመጣ ሰው የጉዞው ወጪ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ በሚገኝ የፒርሰን ቪዩኢ ማዕከል የሚፈተን የጎንደር ወይም የጅማ ነዋሪ መጓጓዣውን፣ ቢያንስ የአንድ ሌሊት አልጋውንና ከሥራ የሚቀርበትን ቀን መቁጠር ይኖርበታል። ቤት ሆኖ በኢንተርኔት መፈተን ይቻላል፤ ሆኖም ፈተናው አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ በመሆኑ፣ መብራት ወይም ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን ምርጫ አልመክርም። የፈተናው ቀን 30 ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲቀረው መለወጥ 70 ዶላር ያስከፍላል፤ 48 ሰዓት ያልሞላው ጊዜ ሲቀር ከሆነ ግን ሙሉ ክፍያው ይቀራል። የወደቀ ሰው በድጋሚ ለመፈተን በቀድሞው ዋጋ 275 ዶላር (አባል ካልሆነ 375) ይከፍላል፤ ጉዞውና አልጋውም አብረው ይደገማሉ። «ካላለፋችሁ በነጻ እናሠለጥናችኋለን» የሚለው ዋስትና ይህን ወጪ አይሸፍንም።

በተለይ ለእኛ አገር ሰው አሳሳቢ የሆነው የስም ጉዳይ ነው። በምዝገባው ላይ የተጻፈው ስም በመታወቂያው ላይ በላቲን ፊደል ከተጻፈው ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ ላይ የአያት ስም ተጨምሮ ሌላው ላይ ከተተወ፣ ወይም የአባት ስም በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ከገባ፣ ተፈታኙ ከበሩ ሊመለስና የከፈለውንም ሊያጣ ይችላል። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ከመሄድ ይልቅ ፓስፖርት መያዝ ይሻላል፤ ፓስፖርት ያላወጣ ሰው ይህንንም ከወጪው ጋር ይደምረው።

ለሥልጠና ተቋሙ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት የፈተናው ክፍያ፣ የመጀመሪያው ዓመት አባልነትና የድጋሚ ፈተናው ክፍያ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተታቸው አንድ በአንድ ተዘርዝሮ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የፈተናውን ክፍያ «እኛ እንከፍልላችኋለን» ካሉ ደግሞ የፒኤምአይ አካውንቱ በራሳችሁ ኢሜይል የተከፈተ መሆኑን አረጋግጡ፤ የክፍያው ደረሰኝም ሆነ የእድሳት ማሳሰቢያው የሚላከው ወደዚያ ኢሜይል ነው።