የኮር ብዛት አይታችሁ ለስትራቴጂ ጌም ፕሮሰሰር እንዳትገዙ

ስቴላሪስ፣ ፋክቶሪዮ፣ ሲቪላይዜሽን የምትጫወቱ ሁሉ፣ ኮምፒውተር ልትቀይሩ ካሰባችሁ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ። ለወራት ያጠራቀምኩትን ከፍዬ የገዛሁት ማሽን ከአሮጌው ኮምፒውተሬ ባሰ።

የምጫወተው ስቴላሪስ ነው። ጨዋታው በራሱ አቆጣጠር በ2200 ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ዓመቶቹ ይበራሉ። ወደ 2350 ሲጠጋ ግን ፕላኔቱ፣ ሕዝቡና መርከቡ በዝቶ ጊዜው መንፏቀቅ ይጀምራል። ሰዓት ይዤ ለካሁት። በመጨረሻው ፍጥነት አንድ ዓመት ለማለፍ 3 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አሮጌው ፕሮሰሰሬ 4 ኮር ብቻ ስለነበረው ጥፋቱ የኮር ማነስ መሰለኝ።

ሻጩም ይህንኑ አጸናልኝ። ከሰርቨር የወጣ፣ 14 ኮር ያለው ያገለገለ ፕሮሰሰር የተገጠመበት ማሽን አሳየኝ። «ከአሁን በኋላ ላግ የሚባል ነገር አታይም» አለኝ። አዲስ ጨዋታ ሲያስጀምርልኝ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ገዛሁት። ቤት ወስጄ ያንኑ የ2350 ሴቭ ስከፍተው አንዱ ዓመት 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወሰደ።

ተመልሼ ስነግረው ታስክ ማናጀሩን ከፈተው። 11 በመቶ ይላል። «ፕሮሰሰሩ እኮ ገና አልተነካም፤ ችግሩ የጌሙ ነው» አለኝ። ያን ቀን የምመልሰው አጣሁ። እናንተ እንዳታጡ ነው የምጽፈው።

ዊንዶውስ እነዚያን 14 ኮሮች እንደ 28 ነው የሚቆጥራቸው፤ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ይይዛልና። ስለዚህ አንዱ እስከ አንገቱ ቢጨናነቅም በጠቅላላው ላይ የሚታየው 3.6 በመቶ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ሥራውን ከአንዱ ኮር ወደ ሌላው እያዘዋወረ ስለሚያሠራ አንዱም ግራፍ 100 ደርሶ ላይታይ ይችላል። ማሽኑ ተጨናንቆ እያለ ቁጥሩ «ሥራ ፈት ነኝ» ይላል። ይህን ቁጥር እያሳየ የሚያሳምናችሁን ሰው አትመኑት።

ለምን ሌሎቹ ኮሮች አያግዙም? የጌሙ አንድ ቀን ሲሰላ ነገሮቹ ተራ አላቸው። ሕዝቡ ምን እንዳመረተ ሳይታወቅ የአገሩ ካዝና አይሰላም። ካዝናው ሳይታወቅ ኮምፒውተሩ የሚመራው ተቃዋሚ መርከብ ልሥራ ወይስ ልዝመት ብሎ መወሰን አይችልም። ብዙ ሰው አብሮ ሲጫወት ደግሞ ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት ውጤት ላይ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ተራው መዛነፍ የለበትም። ከሥራው የሚከፋፈል አለ፣ የማይከፋፈልም አለ።

በቁጥር ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው። የአንዱ ቀን ሥራ በአንድ ኮር 100 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። 60ው በተራ ብቻ የሚሠራ፣ 40ው የሚከፋፈል ይሁን። በ4 ኮር 40ው ወደ 10 ይወርድና ድምሩ 70 ይሆናል። በ14 ኮር 40ው ወደ 3 ገደማ ይወርዳል፤ ድምሩ 63። አሥር ተጨማሪ ኮር ያተረፈው 7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። የኔ አሮጌ ፕሮሰሰር ግን 3.9 ጊጋኸርዝ ነበር፤ የሰርቨሩ ቢበዛ 3.3። ሁለቱ የአንድ ዘመን ሥራ ስለሆኑ በጊጋኸርዝ ማወዳደር ይቻላል። እያንዳንዱ ኮር በዚያ ልክ ሲዘገይ 63ቱ ወደ 74 ይወጣል። ከ70 ባሰ ማለት ነው። ቤት የለካሁት አሥር ሰከንድ ከዚህ ነው የመጣው።

እንግዲህ መጀመሪያ የምትጠይቁት የአንዱን ኮር ፍጥነት ነው። ዘመናቸው ከተለያየ ግን ጊጋኸርዝ ብቻውን ያታልላል። አዲሱ ፕሮሰሰር በዚያው 3.3 ጊጋኸርዝ ከአሮጌው የበለጠ ሥራ ይጨርሳል። በአንድ ኮር ብቻ የተለካ የቴስት ውጤት ካገኛችሁ እሱን አወዳድሩ።

ሁለተኛው ካሽ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ፣ ከራም የሚፈጥን ትንሽ ማከማቻ፣ በተለይ ኤል3 የሚባለው። ይህንን ሻጮች አያነሱትም። ጨዋታው ሲያረጅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ነገሮች ራም ላይ ተበታትነው ይቀመጣሉ፤ ፕሮሰሰሩም አንድ በአንድ እየዞረ ያነባቸዋል። ከኤል3 ካሽ ለማምጣት 10 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ከራም ሲሆን ወደ 80 ይጠጋል። ያን ሁሉ ጊዜ ኮሩ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። በ2022 የወጣው ራይዘን 7 5800X3D ይህን በደንብ ያሳያል። ከወንድሙ ከ5800X በጊጋኸርዝ ያንሳል፣ ሁለቱም 8 ኮር ናቸው፤ ግን ኤል3ው 32 ሳይሆን 96 ሜጋባይት ነው። እንዲህ ባሉ ጌሞች የሚቀድመው እሱ ነው። ወሰን ግን አለው። ፋክቶሪዮ ላይ ፋብሪካው በጣም ሲገዝፍ 96ቱም ይሞላና ብልጫው ይቀንሳል።

ስም የሚመሳሰሉትን ተጠንቀቁ። ራይዘን 7 5700X 32 ሜጋባይት ኤል3 አለው። 5700 ወይም 5700G የሚለው ግን 16 ብቻ ነው። ሦስቱም 8 ኮር ናቸው፣ የሚለዩት በአንድ ፊደል ነው። 5950X ላይ ደግሞ 64 ሜጋባይት ተጽፏል፤ ሆኖም በሁለት ቦታ 32፣ 32 ሆኖ የተከፈለ ነው። አንድ ኮር በቶሎ የሚደርስበት የራሱን 32 ብቻ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ያረጀ ሴቭ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ በሚከፍትላችሁ አዲስ ጨዋታ አትፍረዱ፤ ሁሉም ማሽን መጀመሪያ ላይ ይበራል። ስቴላሪስ ከሆነ በመጨረሻው ፍጥነት አንድ ዓመት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። ፋክቶሪዮ ከሆነ F4 ተጫኑና show-fps የሚለውን አብሩ። UPS የሚለው ጌሙ በሰከንድ የሚያሰላው የእርምጃ ብዛት ነው፤ 60 መሆን አለበት፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ 16.7 ሚሊ ሰከንድ አለው ማለት ነው። እርምጃው 25 ከፈጀ ቁጥሩ 40 ይሆናል፤ የጌሙ አንድ ሰዓት በእናንተ ሰዓት 90 ደቂቃ ይወስዳል። ሲቪላይዜሽን 6 ራሱ ተቃዋሚዎቹ ተራቸውን ለመጨረስ የሚፈጅባቸውን ጊዜ የሚለካ ቴስት ሜኑው ላይ አለው።

ጥፋቱ የግራፊክስ ካርዱ እንዳልሆነ ለማወቅ ሪዞሉሽኑንና የግራፊክስ ጥራቱን እስከ ታች አውርዱት። ዓመቱ ያው ጊዜ ከፈጀ የሚያንቀው ፕሮሰሰሩ ነው፤ አዲስ ካርድ ቢገዛም አይለወጥም። ይህን ሁሉ ለማየት ሩብ ሰዓት ይበቃል። ሴቫችሁን አላስከፍትም ካላችሁ እሱ ማሽን ይቅርባችሁ።