ህያው፣ የተገደለ ወይስ ኤምአርኤንኤ? ክትባት ከመምረጣችሁ በፊት "ስንት ዙር ነው" ብላችሁ ጠይቁ

ጅማ ውስጥ ሊከተብ ወይ ልጁን ሊያስከትብ የሚመጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው "ስንት ዙር ነው?" ብሎ ነው። አንዴ ከተባለ ደስ ይለዋል፣ አራቴ ከተባለ ፊቱ ይለወጣል፣ ከአጋሮ ወይ ከማና ሥራውን ጥሎ ትራንስፖርት እየከፈለ ለሚመላለስ ሰው ደግሞ እውነትም ከባድ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም የዙሩ ቁጥር ክትባቱ ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ይናገራል። "ከህያው፣ ከተገደለና ከኤምአርኤንኤ የቱ ይሻላል" ብሎ በደፈናው መጠየቅ ግን አይሠራም፣ ለየትኛው በሽታና ለማን የሚለው መታወቅ አለበት።

አንዲት ሂርማታ አካባቢ የምትኖር እናት ያመጣችው ጥያቄ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ትንሹ ልጇ 9 ወር ሞልቶት የኩፍኝ ክትባት ተወጋ፣ ትልቁን ደግሞ በዚያው ሳምንት ውሻ ነክሶት የእብድ ውሻ ክትባት ጀመረ። "የትንሹን ወግተው 15 ወሩ ላይ መልሺው አሉኝ፣ የትልቁን ግን ዛሬ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀን፣ ከዛም በ14ኛው ቀን እያሉ ያመላልሱኛል፣ የትልቁ መድኃኒት ደካማ ነው እንዴ?" አለችኝ። ደካማ አይደለም እህቴ፣ አሠራሩ ነው የተለየው።

የትንሹ የኩፍኝ ክትባት ህያው ነው። ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ከታመመ ልጅ የተወሰደ ሲሆን በላብራቶሪ ሴሎች ላይ፣ በኋላም በጫጩት ሽል ሴሎች ላይ ደጋግሞ እንዲራባ ተደርጎ ሰው ላይ በሽታ የማምጣት አቅሙ ተዳክሟል፣ ግን አልሞተም። ስለዚህ ልጁ ሲወጋ ቫይረሱ ሴል ውስጥ ገብቶ በልኩ ይራባል። ነርሷ የወጋችው ትንሽ መጠን ነው፣ ሰውነት የሚያየው ግን እየጨመረ ለቀናት የሚቆይ ነገር ነው። የተያዘው ሴል ደግሞ የቫይረሱን ቁርጥራጭ አውጥቶ ላዩ ላይ ያሳያል፣ ይህን አይተው የታመመ ሴልን የሚገድሉ ቲ ሴሎች ይሠለጥናሉ፣ ቢ ሴሎች የሚባሉትም ረጅም ጊዜ ስላገኙ ቫይረሱን የሚይዝ ጠንካራ አንቲቦዲ መሥራት ይለምዳሉ። ገዳይ ቲ ሴሉም አንቲቦዲውም በአንድ መርፌ ይነሳሉ ማለት ነው፣ ትዝታውም ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል።

ቫይረሱ መራባቱን በምን ታውቃላችሁ? ትኩሳቱ የሚመጣበትን ቀን እዩ። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት ብዙ ጊዜ ማታውኑ አይመጣም፣ ከሳምንት በኋላ፣ በ7ኛው እና በ12ኛው ቀን መካከል ነው የሚመጣው፣ አንዳንዱ ልጅ ላይ ቀለል ያለ ሽፍታም ይወጣል። እናቶች ያን ጊዜ "ሌላ በሽታ ያዘው" ብለው ይደነግጣሉ፣ ብዙውን ጊዜ ግን ክትባቱ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው (ትኩሳቱ ከበረታ ወይም ልጁ መጥባት ካቆመ ግን አትጠብቁ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት)።

ታዲያ አንዴ የሚበቃ ከሆነ 15 ወሩ ላይ ለምን ይደገማል? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሕፃን ሲወለድ የእናቱን አንቲቦዲ ይዞ ነው የሚወለደው፣ አንዳንዱ ልጅ ላይ ደግሞ እስከ 9 ወር ድረስ የተወሰነው ይቀራል። ያ አንቲቦዲ የተዳከመውን ቫይረስ ገና ሳይራባ ይይዘዋል፣ ካልተራባ ደግሞ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ነው። 9 ወር ላይ ከሚከተቡ 100 ልጆች በግምት 85ቱ ናቸው መከላከያውን የሚያገኙት። ሁለተኛው ዙር በዋናነት ለቀሩት ነው፣ እነማን እንደሆኑ ዓይተን ስለማናውቅ ለሁሉም እንሰጣለን። እንጂ የመጀመሪያው ስለደከመ ማጠናከሪያ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ትልቁ ልጅ እንሂድ። የእብድ ውሻ ክትባት ውስጥ ያለው ቫይረስ ላብራቶሪ ውስጥ አድጎ በኬሚካል የተገደለ ነው። የዚህ በሽታ ስህተት ሞት ስለሆነ ህያው ቫይረስ ሰው ላይ የሚሞክር የለም፣ ደግሞም አያስፈልግም። የሞተ ቫይረስ ሴል ውስጥ ገብቶ አይራባም፣ ሰውነት የሚያየው ሲሪንጁ ውስጥ የነበረውን ብቻ ነው፣ እሱም በጥቂት ቀን ውስጥ ተጠራርጎ ያልቃል። ክንድ ላይ ሲወጋ እዛ የሚዘዋወሩ ጠባቂ ሴሎች ይውጡትና ብብት ስር ወዳለው እጢ ይወስዱታል፣ እዛ ለረዳት ቲ ሴሎች ያሳዩታል፣ እነሱ ደግሞ ቢ ሴሎችን አንቲቦዲ እንዲሠሩ ያነሳሳሉ። ገዳይ ቲ ሴሎች ግን ከሴል ውስጥ የወጣ ቁርጥራጭ ስለማያዩ ብዙም አይነሱም። ስለዚህ ይሄ ክትባት በአብዛኛው የአንቲቦዲ ክትባት ነው፣ ለእብድ ውሻ ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው፣ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ሳይገባ መያዝ አለበት።

አንዴ የተወጋ የሞተ ክትባት አንቲቦዲ ለማውጣት ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል፣ መጠኑም ገና ዝቅ ያለ ነው። ለዛ ነው ቶሎ ቶሎ የሚደገመው፣ እያንዳንዱ መርፌ በፊት የተነሱትን ቢ ሴሎች እንደገና ይቀሰቅሳቸዋል። እዚህ ዙር መዝለል እንደ ኩፍኙ "ምናልባት መጀመሪያውኑ ይዞለታል" የሚባልበት አይደለም፣ አንቲቦዲው ሳይሞላ ነው የሚቀረው። አንቲቦዲው እስኪወጣ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ንክሻው የከፋ ከሆነ ተሠርቶ የመጣ አንቲቦዲ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል፣ ክትባቱ ደግሞ ሌላ ቦታ፣ ክንድ ላይ። አንድ ቦታ ከተወጉ አንቲቦዲው ክትባቱን ይይዘዋል። መቀመጫ ላይም አይወጋም፣ ከስብ ውስጥ በደንብ ስለማይነሳ ምላሹ ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ባጃጅ ፍለጋ ከመሮጥም ይቀድማል።

"ታዲያ ኩፍኝንም ገድለው ቢሰጡ አይሻልም?" የሚል አለ፣ ደህንነቱ የበለጠ ይመስላል። ተሞክሯል እኮ! እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ሁለቱንም የኩፍኝ ክትባት ፈቀደች፣ ህያውንም በፎርማሊን የተገደለውንም። የተገደለው አንቲቦዲ አወጣ፣ ግን ቫይረሱን አጥብቆ የማይዝ ደካማ አንቲቦዲ ነበር፣ እሱም ቶሎ ቀነሰ። ከዛ ልጆቹ እውነተኛውን ኩፍኝ ሲያገኙ አንዳንዶቹ ካልተከተበ ልጅ የባሰ ታመሙ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከእጅና ከእግር የሚጀምር ሽፍታ፣ የሳንባ ምች። እ.ኤ.አ. በ1967 ከገበያ ወጣ። የተገደለ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም፣ የፖሊዮና የእብድ ውሻ የተገደሉ ክትባቶች እስከ ዛሬ ሰው ያድናሉ። ለአንዱ በሽታ የሠራ ስልት ለሌላው ላይሠራ ይችላል ነው ነገሩ።

ኤምአርኤንኤ መሃል ላይ የሚቆም ነው። በኮቪድ ጊዜ ያወቅነው ፋይዘር ውስጥ ቫይረስ የለም፣ ህያውም የሞተም። ያለው የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያስችል መልእክት ነው፣ በጣም ጥቃቅን በሆነ የስብ ኳስ ተጠቅልሎ። የራሳችን ሴል መልእክቱን አንብቦ ፕሮቲኑን ይሠራል፣ ሴል ውስጥ ስለተሠራም ልክ እንደ ህያው ክትባት ቁርጥራጩ ሴሉ ላይ ይታያል፣ ገዳይ ቲ ሴሎችም አንቲቦዲም ይነሳሉ። ግን አይራባም፣ መልእክቱ ዘረመላችን ወዳለበት ኒውክለስ አይገባም፣ በቀናት ውስጥም ይበጣጠሳል። ስለዚህ እንደ ህያው በአንዴ አይጨርስም፣ ሁለት ዙር ነበር፣ የፋይዘሩ በ21 ቀን ልዩነት። የፕሮቲኑ ቅርጽ ላይም ተጨንቀውበታል፣ ሴል ላይ ከመጣበቁ በፊት ያለውን ቅርጽ ይዞ እንዲቆይ ሁለት ቦታ ላይ ተቀይሯል፣ ምክንያቱም አንቲቦዲ መማር ያለበት የሚመጣውን ቫይረስ ትክክለኛ መልክ ነው። የ1963ቱን ኩፍኝ ያስታወሰ ሰው ይህ ለምን እንዳስጨነቃቸው ይገባዋል።

የዚህኛው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት በማግስቱ ነው የሚመጣው፣ በተለይ ከሁለተኛው ዙር በኋላ፣ ስቡ ራሱ ሰውነትን ስለሚያስጠነቅቅ። የኩፍኙ በሳምንቱ፣ የኤምአርኤንኤው በማግስቱ፣ የተገደለው ደግሞ በአብዛኛው የተወጋበት ቦታ ሕመም ብቻ ነው። ኤምአርኤንኤ ድክመትም አለው፣ ደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ በወራት ውስጥ ስለሚቀንስ ሰው እንደገና ሊያዝ ይችላል፣ ከከባድ ሕመም መከላከሉ ነው ረዘም የሚለው። አልፎ አልፎም፣ በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት ታይቷል፣ ከተወጉ በኋላ ባሉት ቀናት ደረት ውጋት ከመጣ መታየት ነው።

እንግዲህ ስትመርጡ ለነርሷ ልትነግሩ የሚገባችሁ ነገር አለ። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ የካንሰር መድኃኒት ወይም ለረጅም ጊዜ ከባድ ስቴሮይድ የምትወስዱ ከሆነ፣ ወይም ኤችአይቪ ኖሮባችሁ መከላከያችሁ በጣም ከወረደ፣ ህያው ክትባት ላይ መጀመሪያ ሐኪም ይወስን፣ የሚራባ ነገር ስለሆነ። ለቢጫ ወባ ካርድ ብላችሁ የምትሄዱም ይሄው ይመለከታችኋል፣ እሱም ህያው ነው። የተገደለው ግን ሊያሳምም አይችልም፣ መከላከያው በደከመ ሰው ላይ ችግሩ ምላሹ ማነሱ ብቻ ነው፣ እርጉዝን የእብድ ውሻ ክትባት መከልከል ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው።

የዚያች እናት የመጨረሻ ጥያቄ ደግሞ በጣም ጥሩ ነበር፣ ትልቁ ልጅ የኩፍኝ ሁለተኛ ዙሩ አምልጦት ስለነበር "በዚያው ይወጋልኝ?" አለች። የተወጋው የእብድ ውሻ ክትባቱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግር የለም፣ የተገደለ ክትባት ህያውን አያግደውም። ቁስሉ ላይ ግን ከሰው ደም የተዘጋጀ አንቲቦዲ ተወግቶ ነበር፣ ብዙ ሰው ኩፍኝን ስለሚከላከል እዛ ውስጥ የኩፍኝ አንቲቦዲም አለ፣ ያም የእናት አንቲቦዲ 9 ወር ላይ የሚሠራውን ይሠራል። ስለዚህ የእብድ ውሻ ዙሮቹን በቀናቸው እንዲጨርስ፣ የኩፍኙን ግን 4 ወር ጠብቃ እንድታስወጋው ነግሬያት ቀኑን ካርዱ ላይ ጻፍንላት።