ድሬዳዋ ላይ ባለ አንድ መኝታ፦ መከራየት ወይስ መግዛት?

ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም የሚፈልግ ሰው ከደላላ የሚሰማው የመጀመሪያ ነገር «ኪራይ የሚጣል ገንዘብ ነው» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ግን በባንክ ብድር የሚገዛም ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከፍለው ብር አብዛኛው ተመልሶ የማይገኝ ወለድ ነው።

ለስሌት ያህል ቁጥር እንያዝ፤ እናንተ የራሳችሁን ዋጋ ተክታችሁ አስሉት። ቤቱ 2,400,000 ብር ነው እንበል፤ ኪራዩ ደግሞ በወር 8,000። ገዢው 960,000 ብር ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን 1,440,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ቢበደር፣ ወርሃዊ ክፍያው 21,150 ብር ገደማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 19,200 ብሩ ወለድ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሳያጓድል ቢከፍል እንኳ ባንክ የገባው ገንዘብ ወደ 1,269,000 ብር ሲደርስ ከዋናው ዕዳ የሚቀንሰው 177,000 ብር ያህል ብቻ ነው። ተከራዩ በበኩሉ ኪራዩ በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨመርበት በእነዚሁ አምስት ዓመታት 647,000 ብር ገደማ ያወጣል። ኪራዩ የባንኩን ክፍያ የሚያልፈው በስምንተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ገዢው ያንኑ ሲከፍል ተከራዩ እየጨመረ ይሄዳል። የቤቱ ዋጋም በዚህ ጊዜ ቆሞ አይጠብቅም፤ ገዢው የሚያተርፈው በዋናነት ከዚያ ነው። ለገዢ ግን የስም ማዛወሪያም አለ፤ የቴምብር ቀረጡ ብቻ ከዋጋው 2 በመቶ ስለሆነ በዚህ ምሳሌ 48,000 ብር ነው።

ስለዚህ ለነፃ ንግድ ቀጠናው ወይም ለባቡሩ ሥራ በኮንትራት የመጣና ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ሊዛወር የሚችል ሰው በብድር ባይገዛ ይሻለዋል። ቤተሰቡ እዚህ ያለ፣ ልጆቹን እዚህ የሚያስተምር ሰው ግን ቅድሚያ ክፍያው ካለውና ወርሃዊው ካላናጋው ይግዛ።

ዋስትናን በተመለከተ ተከራይ እንደ ድሮው ባዶ እጁን አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። «ውል አያስፈልግም፣ እንተማመን» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ይህን ጥበቃ ሊያሳጣችሁ ነውና በትሕትና እምቢ በሉ።

የገዢ ዋስትና ያለው ካርታው ላይ ነው፤ በጣም የምሰጋውም እዚህ ጋ ነው። ከገበያው በብዙ ዝቅ ያለ ዋጋ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ቤቱ የሚሸጠው በውክልና ነው። ከመንግሥት የተገኘ ኮንዶሚኒየም የመሸጥ ገደቡ ካላለቀ ስም ማዛወር አይቻልም፤ ስለዚህ ሻጩ ለገዢው ውክልና ሰጥቶ ገንዘቡን ይቀበላል። ገዢው ገብቶ ይኖራል፣ የባንክ ዕዳውንም በሻጩ ስም ይከፍላል። ሻጩ ቢሞት ውክልናው በሕግ ይቋረጣል፤ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ወራሾች «ቤቱ የአባታችን ነው» ብለው ሲመጡ ካርታው የእነሱን ወገን ስም ይዞ ይገኛል። ከእንዲህ ዓይነት ግዢ ይልቅ የተመዘገበ የሁለት ዓመት ኪራይ ውል የበለጠ ያስተማምናል፤ ይህን ያለ ማመንታት እላለሁ።

ትክክለኛው መንገድ ረዘም ይላል። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ካርታውን የሰጠው ቢሮ ሄዳችሁ ፋይሉ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር መግጠሙን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን አረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባል ወይም ሚስት ውሉ ላይ ይፈርሙ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መደረግ ስላለበት ፊርማው የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ውስጥ ይሁን፤ ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ የለም፣ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ አለ። አብዛኛውን ክፍያም ስም እስኪዛወር ያዙ።

ቤቱን ራሱን ደግሞ በግንቦትና ሰኔ እዩት። የላይኛው ፎቅ ከቆርቆሮው ሥር ስለሚውል ሌሊትም አይበርድም፤ የውኃው ግፊትም እዚያ ድረስ ላይደርስ ይችላል። ምድር ቤት ከሆነ ከደቻቱ ወንዝ ያለውን ርቀት ጠይቁ፤ የ1998ቱ ጎርፍ የት ድረስ እንደገባ የሰፈሩ አዛውንቶች ያሳዩአችኋል። ከተቻለ ለመግዛት ባሰባችሁት ሕንፃ ውስጥ ቀድማችሁ ተከራዩ፤ ሙቀቱን፣ ውኃውንና የነዋሪውን ማኅበር መዋጮ ኖራችሁበት ካወቃችሁ በኋላ በዋጋው ተነጋገሩ።