ሁለት የጤና ኢንሹራንስ፣ አንድ የሆስፒታል ቆይታ፦ የትኛው ያዋጣል?

ኖቬምበር ገብቶ የኢንሹራንስ ምዝገባ ሲጀመር፣ እዚህ አሜሪካ ወረቀት ይዘው ምክር የሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ ሁለት ቁጥር መዝግበው ነው የሚመጡት። አንዱ በወር የሚከፈለው ፕሪሚየም ነው፣ ሌላው ኢንሹራንሱ ድርሻውን መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚወጣው ዲዳክቲብል። ሦስተኛውን ቁጥር፣ አውት ኦፍ ፖኬት ማክሲመም የሚባለውን፣ ጽፎ የመጣ ሰው እምብዛም አላየሁም። እኔ «የዓመቱ ጣሪያ» እለዋለሁ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሕክምና ከኪስዎ የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የሚያግደው መጠን ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ለወጣ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር እሱ ነው።

አንድ ወዳጄ ለምርጫ ያቀረባቸውን ሁለት ኢንሹራንሶች ልጠቀም። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

| | «ሀ» | «ለ» |
|---|---|---|
| ፕሪሚየም በወር | 440 ዶላር | 460 ዶላር |
| ዲዳክቲብል | 1,000 ዶላር | 3,000 ዶላር |
| ከዲዳክቲብል በኋላ የእርስዎ ድርሻ | 20 በመቶ | 20 በመቶ |
| የዓመቱ ጣሪያ | 10,000 ዶላር | 5,500 ዶላር |

ላይ ላዩን ሲታይ «ሀ» ያሸንፋል። በወር 20 ዶላር ይቀንሳል፣ ዲዳክቲብሉም የ«ለ» አንድ ሦስተኛ ነው። ወዳጄም መጀመሪያ ጣቱን ያሳረፈው እዚያ ላይ ነበር። ጣሪያውን እንዲያይ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቱ ደግሞ «ለ ይሁን» ብላ ጉዳዩን ቆረጠችው።

ወዳጄ ሾፌር ነው፣ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። በማርች ወር አንድ ሌሊት ሆዱን ቆርጦት ኢመርጀንሲ ገባ። ትልቁ አንጀቱ ተቆጥቶ ኖሮ ተበስቷል። የዚያኑ ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ የታመመው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ወጣ፣ ሆዱ ላይ ከረጢት ተገጠመለት። አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ሆስፒታሉ የጻፈው ዋጋ ወደ 148,000 ዶላር ነበር። በዚህ ቁጥር ግን ማንም አይደንግጥ፤ ሆስፒታሉና ኢንሹራንሱ አስቀድመው የተዋዋሉበት ዋጋ አለ፣ ስሌቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለእሱ ሕክምና የውሉ ዋጋ 64,000 ዶላር ሆነ።

አሁን ሁለቱን ኢንሹራንሶች በዚህ ቢል ላይ እናስኬዳቸው።

በ«ሀ» ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ 1,000 ይከፍላል። ከቀረው 63,000 ላይ 20 በመቶው 12,600 ነው። ድምሩ 13,600 ይሆናል፤ ግን ጣሪያው 10,000 ላይ ያቆመዋል። በ«ለ» መጀመሪያ 3,000 ይከፍላል፣ ከቀረው 61,000 ላይ ደግሞ 12,200 ይታሰባል። ድምሩ 15,200 ነበር፤ ጣሪያው 5,500 ላይ ይቆርጠዋል። ልብ ይበሉ፦ ጣሪያ የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ «ሀ» በ1,600 ዶላር ይሻል ነበር። ውጤቱን የገለበጠው ያ ማንም የማያየው ሦስተኛ ቁጥር ነው። የዓመቱን ፕሪሚየም ስንደምርበት «ሀ» 15,280፣ «ለ» 11,020 ይሆናል። በወር 20 ዶላር ለማዳን 4,260 ዶላር መክፈል ማለት ነው።

ሚዛኑ የሚዞርበትን ቦታም ማወቅ ደግ ነው። ፕሪሚየሙን ጨምረን ብናሰላ፣ የዓመቱ የሕክምና ዋጋ 24,700 ዶላር እስኪደርስ ድረስ «ሀ» ይረክሳል፤ ከዚያ በላይ «ለ» ይሻላል። ለምሳሌ ክንዱ ተሰብሮ 6,000 ዶላር የወጣበት ሰው በ«ሀ» 2,000፣ በ«ለ» 3,600 ይከፍላል። ስለዚህ «ሀ» መጥፎ ኢንሹራንስ አይደለም፤ መካከለኛ ወጪ ለሚገጥመው ሰው ይጠቅማል። ግን ጥያቄውን እንዲህ ላቅርበው፦ የትኛው ልዩነት ነው ቤት የሚያናጋው? 1,600 ዶላር ከዕቁብ ወይም ከዘመድ ይገኛል፣ ሆስፒታሉም በየወሩ ከፋፍሎ ይቀበላል። 10,000 ዶላር ግን፣ ያውም ለወራት መሥራት ባልቻለ ሾፌር ላይ ሲመጣ፣ የቤት ኪራይ የሚያስቀር ዕዳ ነው። በእኔ እምነት ኢንሹራንስ የሚገዛው ለዚያኛው ዓመት ነውና «ለ»ን እመርጣለሁ።

የወዳጄ ነገር በማርች አላበቃም። ሆዱ ላይ ያለው ከረጢት ተነሥቶ አንጀቱ እንዲገጣጠም ኦገስት ላይ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ነበረው፤ በውል ዋጋው 38,000 ዶላር። ጣሪያውን በማርች ስለነካው ለዚህ ከኪሱ የወጣው ዜሮ ነው። በመሀል የተደረጉት ሲቲ ስካን፣ የከረጢቱ ዕቃዎች፣ የሐኪም ቀጠሮዎችም እንዲሁ። ጣሪያ ከተነካ በኋላ ኢንሹራንሱ የሚሸፍናቸውን አገልግሎቶች፣ በኔትወርኩ ውስጥ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች እስከተሰጡ ድረስ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ መቶ በመቶ ይከፍላል።

ዓመቱ ሲለወጥ ግን ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይነሣል። ሕመሙ በማርች ፋንታ ኖቬምበር ላይ ቢመጣና ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ለሚቀጥለው ዓመት ቢያልፍ ኖሮ፣ በ«ለ» ሁለት ጊዜ 5,500 ማለትም 11,000 ይከፍል ነበር። በ«ሀ» የመጀመሪያው ዓመት 10,000፣ የሁለተኛው 8,400፣ በድምሩ 18,400። ስለዚህ በዓመቱ መጀመሪያ ጣሪያውን የነካ ሰው ያስተላለፈው ሕክምና ካለ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ከዲሴምበር 31 በፊት ቢያስይዘው ይበጀዋል። የአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ኢንሹራንስ ዓመቱን የሚጀምረው በጃንዋሪ አይደለምና የራስዎን ቀን ይጠይቁ።

ጣሪያውን ያስቀመጠው ብዙዎቻችን ኦባማኬር የምንለው ሕግ ነው። መንግሥት በየዓመቱ ከፍተኛውን መጠን ይወስናል፤ ለ2026 ለአንድ ሰው 10,600፣ ለቤተሰብ 21,200 ዶላር ነው። ኩባንያው ከዚያ በታች ማድረግ ይችላል፣ በላይ ግን አይችልም። ቤተሰብ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የቤተሰቡ ጣሪያ ትልቅ ቢሆንም፣ የታመመው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ሕጉ ከወሰነው የአንድ ሰው መጠን በላይ አይከፍልም።

ገቢያቸው ዝቅ ላለ ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚያጣው ነገር አለ። ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 250 በመቶ ያልበለጠ፣ መንግሥት ባቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ድጎማ የሚገባው ሰው፣ ሲልቨር የሚባለውን ደረጃ ከያዘ ጣሪያው ይቀነስለታል። ገቢው ባነሰ መጠን ቅናሹ ይጨምራል። ይህ ቅናሽ የሚገኘው በሲልቨር ብቻ ነው። ፕሪሚየሙ ስለረከሰ ብሮንዝ የያዘ ሰው፣ ገቢው ቢፈቅድለትም፣ ትልቁን ጣሪያ ተሸክሞ ይቀራል። ብሮንዝን ከሲልቨር ስታወዳድሩ ገቢያችሁን ካስገባችሁ በኋላ የሚወጣውን ጣሪያ እንጂ ማስታወቂያው ላይ ያለውን አትመኑ።

ጣሪያው የማይሸፍነውን ሳልናገር ብቀር ግን አሳስታችኋለሁ። ፕሪሚየም አይቆጠርም፤ ጣሪያውን ነክታችሁም በየወሩ ትከፍላላችሁ። ኢንሹራንሱ አልሸፍንም ያለው ሕክምናም አይቆጠርም። ከኔትወርክ ውጭ በፈቃዳችሁ የሄዳችሁበት ሐኪምም እንዲሁ፤ ለዚያ ሌላ ትልቅ ጣሪያ ያላቸው አሉ፣ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ። ኢመርጀንሲ ሲሆን ግን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ፤ የትኛውም ሆስፒታል ብትገቡ የምትከፍሉት በኔትወርክ ውስጥ እንዳለ ታስቦ ከጣሪያው ላይ ይቆጠራል። ከዚህ ሕግ የተረሳው በመንገድ የሚሄደው አምቡላንስ ነው፤ የእሱ ቢል ለብቻው ሊመጣ ይችላል።

የወዳጄ ቤተሰብ ሊሳሳት የነበረውም ከሆስፒታል ሲወጣ ነው። ለጥቂት ሳምንት የማገገሚያ ማእከል እንዲገባ ሲባል፣ ቅርብ ነው ተብሎ የተጠቆመው ቦታ ከኔትወርኩ ውጭ ነበር። ባለቤቱ ከመፈረሟ በፊት የካርዱን ጀርባ አይታ ደወለች፤ ሃያ ደቂቃ በመኪና የሚርቅ፣ በኔትወርክ ያለ ቦታ ተገኘ። በመጀመሪያው ቦታ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ 5,500ውን ከፍሎ ጨርሶም የዚያን ቤት ዕዳ ሙሉውን ይሸከም ነበር።

ከአገር ቤት ለጉብኝት ለሚመጡ ወላጆች የሚገዛውን የእንግዳ ኢንሹራንስ ከዚህ ጋር አታምታቱት። እሱም ላይ «ማክሲመም» ተብሎ 50,000 ወይም 100,000 ዶላር ይጻፋል፤ ያ ግን የእናንተ ሳይሆን የኩባንያው ጣሪያ ነው። ኩባንያው እዚያ ድረስ ይከፍልና ያቆማል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ የእናንተ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ የተገላቢጦሽ ነው። ስድሳ አምስት ዓመት ሞልቷቸው ሜዲኬር የያዙ ወላጆችም፣ ዋናውን የመንግሥቱን ሜዲኬር ብቻ ከያዙ የሆስፒታልና የሐኪም ወጪያቸው የዓመት ጣሪያ የለውም፤ ለዚህ ነው ተጨማሪ ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚያስፈልጋቸው።

ጣሪያውን ከነካችሁ በኋላም ቢል ይመጣል። ከሆስፒታሉ፣ ከማደንዘዣ ሐኪሙ፣ ከራጅ አንባቢው፣ ከላቦራቶሪው፤ እያንዳንዱ በየፊናው ይልካል፣ ሌላው የተከፈለውን አያውቅም። ኢንሹራንሱ ለእያንዳንዱ ሕክምና የሚልክላችሁ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ወረቀት አለ፤ እዚያ ላይ የእናንተ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሳታዩ ለማንም አትክፈሉ። የወዳጄ ሆስፒታል ለኦገስቱ ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ 2,500 ዶላር እንዲያስይዝ ጠይቆት ነበር። ኢንሹራንሱ ጋ ደውሎ የዓመቱን ጣሪያ መጨረሱን የሚገልጽ ደብዳቤ አስላከና ለሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ሰጠ። በማግሥቱ ደወሉለት፤ የሚከፈል የለም፣ በቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ምግብ ሳትቀምስ ና አሉት።