የመርካቶን ጫጫታ ከስልኬ ያወጣልኝ ልጅ እጁ ይባረክ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም ስልክ ያስቸገራችሁ ካላችሁ እንደኔ ከሱቅ ሱቅ እንዳትንከራተቱ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ የሚጠግን ወጣት አለ። እግዜር ይስጠው!

እኔ የምሠራው መርካቶ ነው። ክፍለ ሀገር ላሉ ሱቆች ዕቃ እየገዛሁ አስጭናለሁ። ቢሮዬ ስልኬ ናት። ዋጋ የምነጋገረው መንገድ ዳር ቆሜ፣ ወያላው እየተጣራ፣ አይሱዙው ከኋላዬ እያጓራ ነው። ለዓመታት እንዲህ ስሠራ ችግር አልነበረብኝም። ስክሪኔ ተሰብሮ ካስቀየርኩ ወዲህ ግን ደንበኞቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ስሞታ ጀመሩ። "የመኪና ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ አንቺ የት ገባሽ?" እኔ እነሱን በደንብ እሰማቸዋለሁ፣ እነሱ ግን እኔን አይሰሙኝም። ደሴ ያሉ አንድ ጋሼ "ሰላሳ ካርቶን" ያልኳቸውን "ስልሳ" ብለው ሰምተው፣ ግማሹ የት ሄደ ብለው ሹፌሩን አፋጠጡት። እሳቸው ላይም አይፈረድም።

የሚያበሽቀው፣ ቤት ስገባ ስልኩ ጤነኛ ነው። ፀጥ ባለበት ቦታ አንድም ሰው አያማርርም።

ጥገና ቤቶቹም የሸወዱኝ በዚሁ ነው (ስማቸውን አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ)። አንደኛው ማይኩ ሞቷል ብሎ ከነቻርጅ ቦርዱ ቀየረው። ሱቁ ውስጥ "ሃሎ ሃሎ" አለበት፣ "ይኸው ሠራ" ብሎ ብሬን ተቀበለ። መንገድ ስወጣ ያው ነው። ሌላው የኔትወርክ ችግር ነው፣ ሲም ቀይሪ አለኝ። ሌላው ደግሞ ሶፍትዌር ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ አጠፋፍቶ ጫነው፣ የልጄ የልደት ፎቶ እዚያው ቀረ። ተመልሼ ሄጄ ስናገር "ስልኩ ይሠራል፣ አንቺ ጮክ ብለሽ አውሪ" ተባልኩ። ሙልጭ አድርገው በልተውኝ ጭራሽ ጥፋቱን ወደኔ!

ይሄኛው ልጅ ግን ስልኩን ከመፍታቱ በፊት ጠየቀኝ። "እህቴ፣ ቤት ውስጥ ነው ውጭ የሚያስቸግርሽ?" ውጭ አልኩት። ከዚያ በድምፅ መቅጃው ትንሽ አናግሮኝ መልሶ አሰማኝ፣ ጥርት ያለ ነው። ቀጥሎ ካሜራውን ወደ ፊቴ አዙሮ ቪዲዮ ቀረፀኝ። መልሶ ሲያጫውተው ድምፄ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ያወራሁ ይመስላል። "አገኘሁት" አለ። ከስልኩ ጫፍ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ አሳየኝ። ስንት ዓመት ይዤው ስዞር አይቻት አላውቅም!

ለካ ስልኬ ሁለት ማይክ ነው ያላት። አንዱ ታች፣ ከአፍ አጠገብ። ሌላው ላይ፣ ከጆሮ በኩል። እሱ እንዳስረዳኝ፣ ስናወራ ታችኛው ማይክ ከአፋችን አምስት ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ላይኛው ሦስት እጥፍ ይርቃል። ስለዚህ የኔ ድምፅ ታች ጮክ ብሎ፣ ላይ ደከም ብሎ ይገባል። አምስት ሜትር ላይ ላለ አይሱዙ ግን የሁለቱ ማይኮች ርቀት ልዩነት ምንም አይደለም። ሁለቱም ጋ እኩል ነው የሚደርሰው። ስልኩ ሁለቱን እያስተያየ ድምፁን በጣም አጫጭር ቁርጥራጭ አድርጎ፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ለይቶ ያየዋል። ታች በርትቶ የገባውን የባለቤቷ ነው ብሎ ያሳልፋል፣ ሁለቱም ጋ እኩል የገባውን የመንገድ ነው ብሎ ዝቅ ያደርጋል። ይሄ ነው ኖይዝ ካንስሌሽን የሚባለው። ውስጡ ያለውን ስሌት አልጠይቀውም፣ ቢነግረኝም አይገባኝም።

የኔዋ ስልክ ምን ሆነች? ስክሪኑን የቀየረው ሰውዬ ሙጫ አፍስሶ የላይኛዋን ቀዳዳ ደፍኗታል። ላይኛው ማይክ ምንም በማይባል ደረጃ ስለሚሰማ፣ አይሱዙውም ወያላውም ታች ብቻ የበረታ ሆኖ ይታያል። ስልኩም ሁሉንም እንደኔ ድምፅ ቆጥሮ ወደ ደሴ ይልከዋል። ቤት ውስጥ የሚቀነስ ጫጫታ ስለሌለ ማንም አያውቅም። ሱቅ ውስጥ "ሃሎ ሃሎ" ማለት ምኑንም አይፈትሽም ማለት ነው! ያ ሁሉ ብር የወጣው ምንም ላልሆነው ለታችኛው ማይክ ነው።

ከፍቶ ሙጫውን በጥንቃቄ አነሳው። እኔ በመርፌ ወጋ የሚያደርገው መስሎኝ ነበር። "በፍፁም፣ ከውስጥ ስስ መረብ አላት፣ ከኋላዋ ደግሞ ማይኩ ነው፣ ከወጋሻት አበቃ" አለኝ። ገጥሞ ሲጨርስ "ይኸው" ብሎ አልሰጠኝም። ወንበሩን ትቶ፣ ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ፣ አብሮኝ ታክሲ መያዣው ድረስ ወጣ። እዚያ ጫጫታ መሃል ቆሞ "አሁን ደውዪላቸው" አለኝ። ለደሴው ጋሼ ደወልኩ። "ዛሬ መርካቶ አልወጣሽም እንዴ?" አሉኝ። እንባዬ ነው የመጣው። ሌሎቹ ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሱ ስንት ተቀበሉኝ፣ እሱ ለሙጫ ማንሻና ለድካሙ የጠየቀኝን ብናገር ትስቃላችሁ። ጨምሬ ብሰጠው መለሰልኝ።

የማይሆነውንም ሳይደብቅ ነግሮኛል። አጠገቤ ተጠግቶ የሚጮህ ወያላ እሱም የሰው ድምፅ ነው፣ ከፊሉ መሰማቱ አይቀርም። እንደ ጄኔሬተርና ሞተር ያለ አንድ ዓይነት ጉርምርምታ ነው በቀላሉ የሚጠፋው። ነፋስም ያስቸግራል፣ እያንዳንዱን ቀዳዳ ለየብቻ ስለሚመታ ስልኩ ግራ ይጋባል። እንዲህ ሲሆን ለነፋሱ ጀርባ መስጠት ነው። ደግሞ ይሄ ነገር የሚጠቅመው ያኛውን ወገን ነው፤ እኔ ሰውዬውን ለመስማት ያው እንደ ድሮዬ አንድ ጆሮዬን በጣቴ እደፍናለሁ።

አያያዜንም አርሞልኛል። ጣቴን ላይኛዋ ቀዳዳ ላይ እንዳላሳርፍ፣ ቀዳዳዋን የሚሸፍን ከቨር እንዳልገዛ። ስልኩን ከአፌ ካራቅሁት ደግሞ ድምፄ ሁለቱም ማይክ ጋ እኩል ይሆንና ስልኩ የኔኑ ድምፅ እንደ ጫጫታ ይቆርጠዋል። ታችኛው ቀዳዳ በአቧራ ሲደፈንም እንደዚሁ ነው፤ ያኔ ሰው "ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው" ይላችኋል። የመርካቶ ሰዎች፣ ይቺን ልብ በሉ።

እናም ወገኖቼ፣ ቤት የሚሠራ መንገድ ላይ የሚከዳ ስልክ ካላችሁ፣ በተለይ ስክሪን ካስቀየራችሁ በኋላ ከሆነ፣ ማይክ ቀይሩ ሲሏችሁ አትቀይሩ። መጀመሪያ ድምፅ መቅጃውንና የፊት ካሜራ ቪዲዮውን አስተያዩ (ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ግን የኔዋን ያጋለጣት እሱ ነው)። ከዚያ እሱ ጋ ሂዱ። ሾፌሮች፣ ደላሎች፣ ዕቃ አድራሾች፣ እናንተን ነው የምለው፣ ሂዱ! ስሙን እዚህ ባልጽፍ መረጠ፣ አቅጣጫውን የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ እልካለሁ። ከሰዓት ወረፋ ስለሚበዛ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ እሁድ ዝግ ነው።