የትከሻ ማሰሪያ ወይስ የመለማመጃ ላስቲክ? ትከሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ለወለቀ ወጣት

«ለልጄ የትኛውን የትከሻ ማሰሪያ ልግዛለት?» ተብዬ ስጠየቅ ይህ በዓመት ውስጥ አራተኛዬ ነው። ጠያቂዎቹ ሁሉ ትከሻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀ የአሥራ ስምንትና የሃያ ዓመት ልጆች አሏቸው። መልሴ አልተለወጠም፦ ማሰሪያውን ተዉት፤ ላስቲክ ግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒስት ክፈሉ። ይህን የምለው ከኪሴ ከፍዬ ስለተማርኩት ነው።

የእህቴ ልጅ በረኛ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ኳስ ለመያዝ ሲወረወር በተዘረጋ እጁ ላይ ወደቀና ትከሻው ወደ ፊት ወለቀ። ድንገተኛ ክፍል ኤክስሬይ ተነሥቶ ትከሻው ወደ ቦታው ተመለሰለት፤ እንደገናም ኤክስሬይ ተነሣ፤ ክንዱም በማንጠልጠያ ታሰረ። በሳምንቱ እኔ ደግሞ ማሰሪያ ገዛሁለት። በዚያ ዋጋ ዘጠኝ ላስቲክ ገዝቼ አምስት የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ መክፈል እችል ነበር፤ ይህን ያሰላሁት በኋላ ነው። በአምስተኛው ወር ማሰሪያውን እንዳደረገ ትከሻው ዳግመኛ ወለቀ።

ማሰሪያው ለምን እንዳላዳነው ለመረዳት ትከሻው ሲወልቅ ምን እንደተቀደደ ማወቅ ያስፈልጋል። የትከሻ ጉድጓድ ጥልቀት የለውም፤ የክንዱ ክብ ራስ በላዩ ላይ የሚቀመጠው በትንሽ ሳህን ላይ እንዳለ ትልቅ ኳስ ነው። የሳህኑን ጠርዝ ከፍ የሚያደርገው ላብረም የሚባል ቀለበት ነው። አጥንቱ ወደ ፊት ሲወጣ በወጣት ላይ ብዙውን ጊዜ ይህን ቀለበት ከፊት ለፊቱ ጠርዝ ይገነጥለዋል። ቀለበቱ ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ ቦታው በትክክል ተመልሶ አይያያዝም፤ ለቀጣዩ ውልቃት በሩ ገርበብ ብሎ ይቀራል ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 35 ዓመት የሆኑ 252 ሰዎችን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የኤድንበርግ ጥናት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ትከሻቸው እንደገና መክዳቱን አሳይቷል። በአምስት ዓመት ቁጥሩ ወደ ሁለት ሦስተኛ ደርሷል። ዕድሜው ባነሰ ቁጥር ስጋቱ ይበልጣል፤ ወንዶች ላይ ደግሞ ይብሳል። በሃምሳ ዓመት ሰው ላይ ነገሩ ሌላ ነውና የአባትየው ትከሻ ደህና መሆኑ ለልጁ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ማሰሪያው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ክንዱ ወደ ጎን ተነሥቶ ወደ ኋላ እንዳይዞር መከልከል፤ ድንጋይ ለመወርወር እንደተዘጋጀ ሰው ማለት ነው። ትከሻ ወደ ፊት የሚወጣው በዚያ አቋቋም ነውና። ደህናው ማሰሪያ የላይኛውን ክንድ ከደረት ጋር የሚያገናኝ የማይለጠጥ ማገጃ አለው። እኔ የገዛሁት ግን ተመሳስሎ የተሠራ ነበር። ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም፤ ማገጃው ግን እንደ ካልሲ አፍ ይለጠጣል፣ መጣበቂያውም ላብ ሲነካው ይለቃል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ግን ትከሻው የወለቀበት ልጅ ላይ አይሞከርም። ጤነኛ ሰው ያድርገውና እጁን ለመወርወር ያንሣ። መዳፉ ያለ ምንም እክል ከጆሮው ጀርባ ከደረሰ የገዛችሁት የሚያሞቅ እጅጌ ነው። እውነተኛውም ቢሆን ለስፖርት ሰዓት የሚሆን ረዳት እንጂ ውልቃት እንደሚያስቀር በደንብ የተረጋገጠለት ዕቃ አይደለም። በረኛ ደግሞ ክንዱን ካላነሣ ምኑን በረኛ ሆነ?

ላስቲክ ከሁሉ ርካሹ ነው፤ እሱም ግን ተመሳስሎ የተሠራ አለው። ስትገዙ ርዝመቱን ለኩ፤ ዕጥፍ እስኪሆን ሃያ ጊዜ ሳቡትና እንደገና ለኩ። የመጀመሪያው የእኛ ላስቲክ 150 ሴንቲ ሜትር ነበረ፤ በሦስት ሳምንት 162 ሆነ። ልጁ በረታሁ ብሎ ሲደሰት የደከመው ላስቲኩ ነበር። ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ወዲያው ጣሉት፤ ተበጥሶ ዓይን ይመታል። ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በቀለም አትምረጡ። አሥራ አምስት ጊዜ ስቦ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የሚከብዱት ትክክለኛው ነው።

ልምምዱ ግን በላስቲክ አይጀምርም። በማንጠልጠያ ከአንድ ሳምንት በላይ መቆየት በወጣቶች ላይ የመደጋገሙን ዕድል እንደሚቀንስ አልታየም፤ ስለዚህ ሕመሙ ጋብ ሲልና ሐኪሙ ሲፈቅድ ልጁ ከግድግዳ ጎን ይቆማል። ክርኑን ዘጠና ዲግሪ አጥፎ ከጎኑ ጋር ያስጠጋና የእጁን ጀርባ ግድግዳው ላይ ይገፋል። ክንዱ አይንቀሳቀስም። በግማሽ ኃይሉ አምስት ሰኮንድ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ ዞሮ በመዳፉ በኩል እንዲሁ።

ይህ ያለ ሕመም ሲሆንለት ላስቲኩ በር እጀታ ላይ ይታሰራል። በክርኑና በጎድኑ መካከል የታጠፈ ፎጣ ይያዝ፤ ላስቲኩን ወደ ውጭ ስቦ በዝግታ ይመልስ፤ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ፎጣው ከወደቀ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ጡንቻ ነው። ወገቡን እያዞረ የሚስብም አለ፤ የእኛው ልጅ ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ አላወቅንም ነበር፤ ፊዚዮቴራፒስቷ በአንድ ደቂቃ ያየችው ይህንን ነው። ለቀጠሮ ክፈሉ የምለውም ለዚህ ነው፤ ስሕተት ለማረም ሦስት አራት ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ወደ ውስጥ መሳቡ እንዳይረሳ፤ ከፊት ያለው ጡንቻ አጥንቱ ወደ ፊት እንዳይሸሽ ይይዘዋል። ለጀርባው ጠፍጣፋ አጥንት ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ መግፋት፣ ክንዶቹ ከተዘረጉም በኋላ ጀርባው ትንሽ እስኪጎብጥ መጨመር። ክንድን አንሥቶ ወደ ኋላ ማዞር ግን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ክልክል ነው። በዚያ አቋቋም መለማመድ ወደ ሦስተኛው ወር ግድም፣ በባለሙያ ፊት ይጀመራል።

የማደላለትን የላስቲክ ድክመትም ልናገር፦ ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ የተገነጠለ ቀለበት አይሰፋም። ዕድሜው ከሃያ አምስት በታች ሆኖ ወደ ግጭት ስፖርት ለሚመለስ ልጅ የመደጋገሙን ዕድል በግልጽ የሚቀንሰው ቀለበቱን መልሶ የሚያስረው ቀዶ ሕክምና ነው። ውዱም እሱ ነው። ለዚህም ነው በማሰሪያ የሚባክን ገንዘብ የሚቆጨኝ፤ ከመጀመሪያው ውልቃት በኋላ አንድ የአጥንት ሐኪም አማክረን ኤምአርአይ ብናስነሣ ምርጫችን ቀድሞ ይታወቅ ነበር። በላይኛው ክንድ ውጫዊ ጎን ድንዛዜ ካለ ወይም ክንዱ አልነሣ ካለ ደግሞ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ልምምድ ሳይጀመር ለሐኪም ይነገር። እንደገና ከወለቀም ማንም ሜዳ ላይ አይጎትተው።

ልጃችን ከሁለተኛው ውልቃት በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ ይዘህ ና ያለችው ዕቃ አንድ ነው፤ ያው ቢጫ ላስቲክ።