የኩባንያን የሠራተኛ ብዛት ለማወቅ፦ ዓመታዊ ሪፖርት ወይስ ሊንክድኢን?

በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ የአገሪቱ ኩባንያ በየዓመቱ የሚያስገባው 10-K የተሰኘው ሪፖርት፣ በመጀመሪያው ክፍሉ ውስጥ የሠራተኞቹን ብዛት ከነቀኑ ይገልጻል። ሪፖርቱ ኤድጋር በተባለው የመንግሥት ማኅደር በነጻ ይገኛል። አማዞን፣ ለምሳሌ፣ እስከ ታኅሣሥ 31 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ወደ 1,525,000 የሚጠጉ የሙሉና የከፊል ጊዜ ሠራተኞች እንደነበሩት አስታውቋል፤ የኮንትራትና የጊዜያዊ ሠራተኞች ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ አይካተቱም። ድክመቱ ቁጥሩ የአንድ ቀን መሆኑና የግል ኩባንያዎችን አለማካተቱ ነው።

ሊንክድኢን ትንንሽና የግል ኩባንያዎችንም ያሳያል፣ ፍለጋውም ደቂቃ አይፈጅም። ሆኖም በአንድ ገጽ ላይ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሉት፦ እንደ «51-200» ያለውን የመጠን ክልል ኩባንያው ራሱ ይመርጣል፣ የአባላቱ ብዛት ግን በዚያ እንሠራለን ያሉ ሰዎች ድምር ነው። ሥራ ለቀው ገጻቸውን ያላስተካከሉ ይቆጠራሉ፤ ገጽ የሌላቸው የመጋዘን ሠራተኞች ይቀራሉ።

ድርጅቶች በመጠን ሲመደቡ ደግሞ የአቆጣጠሩ መንገድም ልዩነት ያመጣል። 38 የሙሉ ጊዜና 20 የግማሽ ቀን ሠራተኞች ያሉትን ድርጅት እንውሰድ፦ በሰው ቆጠራ 58 ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን ሁለት የግማሽ ቀን ሠራተኞችን እንደ አንድ ስለሚቆጥር 48 ይሆንና፣ በሠራተኛ ብዛት መስፈርት ከ50 በታች በሆነው «አነስተኛ» ምድብ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ለብድር፣ ለጨረታ ወይም ለጥናት ሪፖርቱን ከነቀኑ መጥቀስ ይሻላል። ለሥራ ፈላጊ ወይም ደንበኛ ለሚያፈላልግ ነጋዴ ግን የሊንክድኢን ግምት ይበቃል።